3 ለምን 8 ሆኖ ይነበባል? የመልመጃ ወረቀትን በስልክ ስለማንሣት

በጨፋ ሸለቆ ያለ ልጅ የሠራው የሒሳብ መልመጃ ፎቶ ተነሥቶ ርቆ ላለ አራሚ ሲላክ፣ በትክክል የሠራው ስሕተት ተብሎ ሊመለስበት ይችላል። ይህ እንዴት እንደሚሆን በአንድ ምሳሌ እንመልከት።

ልጁ በገጹ አናት ላይ 386 − 158 = 228 ብሎ ጽፏል። ፎቶ አንሺው ግን ስልኩን በግርጌ በኩል አዘንብሎ ያዘው፤ የወረቀቱ ግርጌ ከካሜራው 30፣ አናቱ 50 ሴንቲ ሜትር ራቀ እንበል። በዚህ ጊዜ የአናቱ አኃዞች ስፋት ከግርጌዎቹ ሦስት አምስተኛ ያህል ብቻ ይሆናል፤ ቁመታቸው ከዚያም ይበልጥ ይጨመቃል። ካሜራው ቅርቡን አጥርቶ ሩቁን ያደበዘዘ እንደሆነ፣ በ3 ግራ በኩል ያሉት ክፍተቶች ተዘግተው 8 ይመስላሉ። አራሚውም 886 − 158 ብሎ ያነብና «መልሱ 728 ነው» ብሎ ይሰርዛል። ከመሰረዙ በፊት 228ን ከ158 ጋር ቢደምር 386 ያገኝ ነበር፤ ያነበበው የመጀመሪያ አኃዝ ብቻ መለየቱም ያጠራጥረው ነበር።

የጥላው ጉዳት ሌላ ነው። ዓይንም ሆነ ጽሑፍ አንባቢ ፕሮግራም ጽሑፉን ከወረቀቱ የሚለየው በጥቁረቱ ልዩነት ነው። እርሳስ ግራጫ በመሆኑ በጥላ ውስጥ ከወረቀቱ ጋር ይቀራረባል። የጥላው ጠርዝ በ1 አናት ላይ ካለፈም እንደ ተጨማሪ ጭረት ታይቶ 7 ሊያስመስለው ይችላል። በከሚሴ በተለይ በሚያዝያና በነሐሴ፣ ወደ ቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን፣ ከወረቀቱ በላይ የተያዘው ስልክና እጅ ጥላቸውን የሚጥሉት በጽሑፉ ላይ ነው።

ስለዚህ ወረቀቱን ከቀጥተኛ ፀሐይ አውጥተው፣ ብርሃን ከጎን በሚገባበት በር ወይም መስኮት አጠገብ፣ በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ያንጥፉት። ፍላሹን ያጥፉት፤ የእርሳስ ጽሑፍ ያብለጨልጫልና። ስልኩን በወረቀቱ መካከል ትይዩ ከላይ፣ እንደ ወረቀቱ አግድም አድርገው ይያዙት። ትክክል መሆኑ የሚታወቀው የወረቀቱ አራት ጠርዞች በስክሪኑ ላይ ከስክሪኑ ጠርዞች ጋር ትይዩ ሲሆኑ ነው፤ አናቱ ከግርጌው ከጠበበ ስልኩ አዘንብሏል። ጥላ ከወደቀ ስልኩን ትንሽ ከፍ ያድርጉ ወይም ቦታ ይለውጡ። በመካከል ስክሪኑን ነክተው እስኪጠራ ይጠብቁና ያንሡ።

ከመላክዎ በፊት ፎቶውን አጉልተው አራቱን ማዕዘናት ይመልከቱ፤ እዚያ ያሉ 3፣ 5፣ 6 እና 8 በግልጽ ካልተለዩ እንደገና ያንሡ። ጠማማ ፎቶን የሚያቃና ፕሮግራም ጠርዞቹን ያስተካክላል እንጂ የደበዘዘውን አኃዝ አይመልስም። በቴሌግራም ሲልኩም «ፋይል» በሚለው ይላኩት፤ እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ ተጨምቆ ጥራቱን ይቀንሳል።