ሦስትና አራት ተደምረው አምስት የሆኑበት ብርሃን

የመንገድና ድልድይ መሐንዲሱ ኦጉስቲን ፍሬኔል በ1815 እ.ኤ.አ. ናፖሊዮን ከግዞት ሲመለስ ከተቃዋሚዎቹ ጎን በመሰለፉ ከሥራ ታገደ። ኖርማንዲ ውስጥ ማቲዩ ወደምትባለው የእናቱ መንደር ሄደና ጥላ መለካት ጀመረ። የፀሐይን ብርሃን በማር ጠብታ ሰብስቦ አንዲት ነጥብ ያደርገዋል፤ ከነጥቧ ፊት ቀጭን ሽቦ ያቆማል፤ ከዚያ በጥላው ዳርና ውስጥ የሚደረደሩትን ብሩህና ጨለማ መስመሮች አንድ በአንድ ይለካል። ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚበር ቅንጣት ከሆነ፣ ጥላ ውስጥ ብሩህ መስመር ከየት ይመጣል?

ብርሃን ሞገድ ነው የሚለውን እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ ቀድሞ ብሎታል። ቸግሮ የቆየው ሒሳቡ ነው። የሁለት ሞገዶች ጫፎች አንድ ላይ ሲገጥሙ ይደመራሉ፤ የአንዱ ጫፍ ከሌላው ዝቅታ ጋር ሲገጥም ይጠፋፋሉ። እንዲህም እንዲያም ያልሆኑትስ? ለምሳሌ አንዱ ሌላውን በሩብ ሞገድ ቢቀድመው?

በሩብ ሞገድ የቀደመ ሳይን ኮሳይን ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ይሆናል፦ 3 sin x + 4 cos x ምን ዓይነት ቅርጽ አለው?

ፍሬኔል በጥር 1818 የደረሰበት መልስ፣ ሞገዶች የሚደመሩት አቅጣጫቸው የተለያየ ኃይሎች በሚደመሩበት መንገድ ነው የሚል ነበር። የሩብ ሞገድ ልዩነት እንደ ቀጤ ማዕዘን ይቆጠራል። አንድን ድንጋይ ወደ ምሥራቅ በ3፣ ወደ ሰሜን በ4 ኃይል ብንጎትተው በመካከል በሚያልፍ አንድ አቅጣጫ በ5 እንደተጎተተ ይሆናል። ሞገዶቹም እንዲሁ፤ ውጤቱ R sin(x + φ) የሚባል አንድ ሳይን ነው። ይህን ስንዘረዝረው R cos φ · sin x + R sin φ · cos x ይሆናል። ከመጀመሪያው ጋር ስናስተያየው R cos φ = 3፣ R sin φ = 4 መሆን አለበት። ሁለቱን በየራሳቸው አባዝተን ስንደምር R² = 9 + 16 = 25፤ አምፕሊቲዩዱ 5፣ ፌዙ ደግሞ 53.13 ዲግሪ ገደማ ነው።

ለምን 7 አልሆነም? ሳይኑ ጫፉ ላይ ሲደርስ ኮሳይኑ ዜሮ ነውና፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ጫፍ ላይ አይገኙም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፌዙ ላይ ነው። −3 sin x + 4 cos x ቢሰጠንና 4ን ለ−3 አካፍለን ማዕዘኑን ካልኩሌተር ብንጠይቅ −53.13 ይለናል። x = 0 ብለን እንፈትነው፦ ዋናው አገላለጽ 4 ሲሆን የእኛው −4 ወጣ፤ ሞገዱ ተገልብጧል። ካልኩሌተሩ የሚያየው የማካፈሉን ውጤት ብቻ ስለሆነ የመቀነስ ምልክቱ ከላይ ይሁን ከታች አያውቅም። ትክክለኛው 126.87 ነው። እንዲህ ያለው ፍተሻ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም፤ ሳይሠሩት ማለፍ ስንፍና ነው። ደግሞም ይህ ሁሉ የሚሠራው ሞገዶቹ እኩል ድግግሞሽ ካላቸው ነው፤ 3 sin x + 4 cos 2x በምንም መንገድ አንድ ሳይን አይሆንም።

ፍሬኔል ግን ሁለት ሞገድ ብቻ አልነበረበትም። በእንቅፋቱ ዳር ከሚያልፈው ብርሃን እያንዳንዱ ነጥብ የራሱን ሞገድ ይልካል፣ ሁሉም በተለያየ ፌዝ። እሱም እያንዳንዱን ወደ ሳይንና ኮሳይን ከፈለው፤ ሳይኖቹን ለብቻ፣ ኮሳይኖቹን ለብቻ ደመረ። መጨረሻ ላይ የቀሩት ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ የካሬያቸው ድምር የብርሃኑን ድምቀት ይሰጣል። በአንድ ቀጥ ያለ ስለት ጥላ ድንበር ላይ፣ የሞገዱ ግማሽ ስለተጋረደ ሁለቱም ድምሮች በግማሽ ይቀንሳሉ። ስለዚህ እዚያ ያለው ድምቀት፣ እንደሚጠበቀው ግማሽ ሳይሆን፣ ሩብ ነው።

ስሌቱን በዚያው ዓመት ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ውድድር አቀረበ። ከዳኞቹ አንዱ፣ ሲሜኦን ፖይሶን፣ የቅንጣት ሐሳብ ደጋፊ ነበር። ስሌቱን ተከትሎ ሄዶ አንድ የማይታመን ነገር አገኘ፦ የክብ ሳህን ጥላ መሐል ላይ፣ ሳህኑ የሌለ ያህል ብሩህ ነጥብ መታየት አለበት። ይህ የፍሬኔልን ሐሳብ የሚያፈርስ መስሎት ነበር። ሌላው ዳኛ ፍራንስዋ አራጎ 2 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ክብ ብረት መስተዋት ላይ በሰም አጣብቆ ሞከረው፤ ነጥቡ እዚያው ነበር። ሽልማቱ በ1819 ለፍሬኔል ተሰጠ።

ነጥቡ የሚበራው ከሳህኑ ዙሪያ እስከ መሐሉ ያለው ርቀት ከየትም በኩል እኩል ስለሆነ ነው። ከጠርዙ የሚመጡት ሞገዶች ሁሉ አንድ ፌዝ ይዘው ይደርሳሉ፤ እዚያ ብቻ 3 እና 4 ተደምረው እውነትም 7 ይሆናሉ። ከመሐሉ ትንሽ ዞር ሲባል ርቀቶቹ ይለያያሉ፣ ፌዞቹም ይበታተናሉ፣ ድምሩም ወዲያው ያንሳል።