የቲቢ ታካሚ ቀጠሮ የሚያመልጠው የት ላይ ነው?

መድኃኒት ያልተላመደ ቲቢ የተገኘበት ሰው ህክምናው ስድስት ወር ይፈጃል። የመጀመሪያዎቹን 2 ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት ይወስዳል፤ የቀሩትን 4 ወራት ሁለት ዓይነት ብቻ፣ ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድን። አስቸጋሪው ጊዜ የሚመጣው ሁለቱ ወራት ሲገባደዱ ነው። ሳሉ ይተዋል፣ የሌሊቱ ላብ ይጠፋል፣ የምግብ ፍላጎት ይመለሳል፤ ሰውየውም ድኛለሁ ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። በሳንባው ውስጥ የቀሩት ባክቴሪያዎች ግን ጥቂትም ቢሆኑ በቀላሉ የማይሞቱት ናቸው። ቀሪው 4 ወር የተጨመረው ለእነሱ ነው።

መድኃኒቱን ሁለት ወር በተከታታይ ያልወሰደ ታካሚ በጤና ተቋሙ መዝገብ ላይ «ህክምና ያቋረጠ» ተብሎ ይሞላል። ያን ጊዜ በሽታው አገርሽቶበት፣ ምናልባትም ለቤተሰቡ አስተላልፎ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ማንም ሰው በአንድ ጀምበር «ያቋረጠ» አይሆንም። አስቀድሞ አንድ ቀጠሮ ያልፈዋል። ያን ዕለት የሚያስታውሰው ሰው ካለ ነገሩ በአንድ ስልክ ሊያበቃ ይችላል፤ ከሌለ ደግሞ የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲሠራ ይታወቃል። ስለዚህ የጥራት ማሻሻያ ዕቅድ የሚያወጣ ቡድን ዓይኑን መጣል ያለበት ሁለተኛው ወር ላይ ሳይሆን መጀመሪያው ቀን ላይ ነው።

ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ለማየት አንድ ጤና ጣቢያ በሐሳባችን እናቁም። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል የተቀመጡ ናቸው። የቲቢ ክፍሉን የምትይዝ አንዲት ሲስተር አለች፤ ከእሷ ጋር የላብራቶሪው ባለሙያ፣ የመድኃኒት ቤቱ ሠራተኛ፣ የካርድ ክፍሉ ሰውና በአቅራቢያው ካለ ጤና ኬላ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ተሰባስበዋል። የካርድ ክፍሉ ሰው እዚህ ምን ይሠራል የሚል ይኖራል። ታካሚው ጠዋት መጥቶ ካርዱ ሳይገኝ ቢቀር ተስፋ ቆርጦ የሚመለሰው ከእሱ መስኮት ስለሆነ ነው።

ቡድኑ በመጀመሪያ የሚወስነው «ቀጠሮ አለፈው» የምንለው መቼ ነው የሚለውን ነው። ሲስተሯ ሦስት ቀን ዘግይቶ የመጣውን እንደመጣ ብትቆጥር፣ ሌላው ባለሙያ እንደቀረ ቢቆጥር፣ የሚወጣው ቁጥር ለማንም አይጠቅምም። የእኛ ቡድን እንዲህ ተስማማ እንበል፦ በቀጠሮው ቀን ወይም እስከ ማግሥቱ ድረስ ያልመጣ ሁሉ እንደቀረ ይቆጠራል፤ ወደ ሌላ ተቋም በደብዳቤ የተዛወረና የሞተ ከቁጥሩ ይወጣል። ከዚያ ያለፉትን 12 ሳምንታት መዝገብና የህክምና ካርዶች ገለጡ። 120 ቀጠሮ ነበረ፤ 24ቱ አልፈዋል። ከመቶ 20 ማለት ነው። ግባቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፦ በስድስት ወር ውስጥ ከመቶ 20 የነበረውን ወደ 5 ማውረድ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በህክምና ካርዱ ላይ መድኃኒቱ የተወሰደበት ቀን ሁሉ ምልክት ይደረግበታል። የወሩ ምልክት በሙሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት እጅ፣ አንዱ ከሌላው ሳይዛነፍ ተሰልፎ ከታየ በየዕለቱ የተሞላ አይደለም፤ ተቆጣጣሪ ይመጣል ሲባል በአንድ ቁጭታ የተሞላ ነው። እንዲህ ያለ ካርድ ላይ የቆመ ዕቅድ መነሻው ውሸት ይሆናል። ማጣሪያው ካርዱን ከመድኃኒት ቤቱ የወጪ መዝገብ ጋር ማስተያየት ነው። መድኃኒት ያልወሰደ ሰው ካርዱ ላይ እየተሳለለት ከሆነ ሁለቱ አይገጥሙም።

ቀጥሎ «ለምን?» የሚለው ይመጣል። ብዙ ጊዜ መልሱ ከመጠየቅ በፊት ይሰጣል፤ «ግንዛቤ ስለሌላቸው ነው» ይባልና ትምህርት ይሰጥ ተብሎ ይዘጋል። በእኔ ግምት ከዚህ የበለጠ ሥራ የሚያበላሽ መልስ የለም፤ ምክንያቱም ጥፋቱን በታካሚው ላይ ጥሎ ተቋሙን ነፃ ያወጣል። ቡድናችን ግን የቀሩትን አንድ በአንድ ደውሎም ቤታቸው ሄዶም ጠየቀ። ሁለቱ አልተገኙም። ከቀሩት 22 ሰዎች ዘጠኙ ቀኑ አልተመቻቸውም ወይም ተሳስቶባቸዋል፤ አምስቱ ለሥራ ከአካባቢው ርቀዋል፤ አራቱ ደህና ነኝ ብለው ትተዋል፤ ሦስቱ ጸበል ሄደዋል፤ አንዱን መድኃኒቱ አስመልሶታል። ዕውቀት ቢጨመር የሚለወጡት ምናልባት አራቱ ናቸው። ዘጠኙን ያሳጣው የቀጠሮው አሰጣጥ ነው።

የቀጠሮውን አሰጣጥ ጠጋ ብለን እንየው። ቀጠሮ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ «የዛሬ ወር» ተብሎ ነው። የእኛ ወር 30 ቀን ነው፤ መድኃኒቱ ግን በአራት ሳምንት ሲቆጠር ለ28 ቀን ይሆናል። ታካሚው በቀጠሮው ቀን ቢመጣ እንኳ ሁለት ቀን ባዶ እጁን ሆኖ ነው። ነሐሴ ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። ነሐሴ 10 የ28 ቀን መድኃኒት ወስዶ «መስከረም 10 ተመለስ» የተባለ ሰው ጳጉሜንን ያስቆጠረለት የለም። በመካከሉ 35 ቀን አለ። መድኃኒቱ መስከረም 2 ያልቃል፤ ከዚያ እስከ ቀጠሮው ድረስ ሰባት ቀን ያለ መድኃኒት ይቀመጣል። ሰውየው አንድም ቀጠሮ አላለፈውም፤ ሳምንቱን ያስቆጠረው ቀጠሮ ሰጪው ነው። በዚያ ላይ ቀኑ የገበያ ቀን ወይም ትልቅ በዓል ላይ ሊውል ይችላል። ስለዚህ የቡድኑ የመጀመሪያ ለውጥ ወጪ የሌለው ሆነ፦ ቀጠሮ በቀን ስም ሳይሆን በመድኃኒቱ ቁጥር ይሰጣል፤ መድኃኒቱ ከማለቁ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፤ የሳምንቱን ቀን ደግሞ ታካሚው ራሱ ይመርጣል።

ሁለተኛው ለውጥ የቀረውን ሰው በዕለቱ ማወቅ ነው። ለዚህ ኮምፒውተር አያስፈልግም። አንድ የካርቶን ሳጥን በቀናት ቁጥር በካርቶን ክፍልፋይ ይለያል። የእያንዳንዱ ታካሚ ካርድ በቀጠሮው ቀን ክፍል ውስጥ ይገባል። ታካሚው ሲመጣ ካርዱ ወጥቶ ይሞላና ወደ ቀጣዩ ቀጠሮው ክፍል ይሻገራል። አመሻሽ ላይ በዛሬው ክፍል ውስጥ የቀረው ካርድ የቀሩትን ሰዎች ዝርዝር ይሰጣል፤ መዝገብ ማገላበጥ የለም።

ይህንን በሁሉም ታካሚ ላይ በአንድ ቀን አልጀመሩትም። የጥራት ማሻሻያ ሥራ ጥበቡ እዚህ ነው፦ አቅዶ፣ በትንሹ ሞክሮ፣ የታየውን አጥንቶ፣ ከዚያ ማስፋት ወይም መጣል። ሁለት ሳምንት በሳጥኑ ሞከሩ። አምስት ካርድ ቀረ። ሲስተሯ ደወለች፦

«እማማ፣ ደህና ነዎት? ከጤና ጣቢያ ነው፤ ዛሬ እንጠብቅዎ ነበር።»

«ልጄ፣ ነገ መስሎኝ! ቁጥሩን የሚያነብልኝ አጥቼ ነው።»

ሦስቱ በዚህ ዓይነት ተገኙ። አራተኛው ስልክ የጎረቤት ሆነ፤ አምስተኛው አልሠራም። ከዚህ ሁለት ነገር ተማሩ። አንደኛ፣ ህክምና ሲጀመር ሁለት ስልክ፣ የመንደሩ ምልክትና በታካሚው የተመረጠ አንድ ተጠሪ ሰው ይመዘገባል። ሁለተኛ፣ ስልኩን ያነሳው ማንም ይሁን የበሽታው ስም አይጠራም፤ «ከጤና ጣቢያ ነው» ማለት ይበቃል። አንዱ ታካሚ ስሙ በመንደሩ ተሰራጭቶበት ቢቀር ያ ስልክ ከጥቅሙ ጉዳቱ በልጧል። በስልክ ያልተገኘው በማግሥቱ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይተላለፋል፤ እሷም የምትሄደው ታካሚው አስቀድሞ ቤቴ ይምጡ ብሎ ከፈቀደ ነው።

ለውጡ እውነት መሆኑ በምን ይታወቃል? በሳምንት አሥር ቀጠሮ ባለበት ጣቢያ አንድ ሰው ሲቀር ከመቶ አሥር ነው፤ ስለዚህ አንድ ጥሩ ሳምንት አይቶ ማጨብጨብ ሞኝነት ነው። ቡድኑ በየሳምንቱ የቀሩትን ከመቶ አስልቶ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ነጥብ ያደርጋል፤ በ12ቱ ሳምንታት መካከለኛ ቁጥር ላይ ደግሞ አግድም መስመር ያሰምራል። ስድስት ነጥብ በተከታታይ ከመስመሩ በታች ከዋለ ነገሩ የአጋጣሚ አይደለም ይባላል። ከዚያ ያነሰው ገና ይጠበቃል።

ከዚሁ ጎን ሌሎች ሁለት ነገሮችም ይቆጠራሉ። አንዱ፣ በ2ኛው፣ በ5ኛው ወርና በህክምናው መጨረሻ መሰጠት ያለበት የአክታ ምርመራ በጊዜው መሰጠቱ ነው። ሰው መጥቶ መድኃኒቱን ብቻ ተቀብሎ ቢሄድ ቀጠሮው ተከብሯል፤ አክታው ላይ ባክቴሪያ መኖር አለመኖሩ ግን አልታወቀም። ሌላው የሲስተሯ ጊዜ ነው። አመሻሽ ላይ የምታሳልፈው የስልክ ሰዓት አዲስ ታካሚ የምታይበትን ከበላባት ለውጡ በአንድ በኩል ሰጥቶ በሌላው ወስዷል። የስልኩን ካርድ ማን ይሞላል የሚለውም በዕቅዱ ላይ ካልተጻፈ በሁለተኛው ወር ስልኩ ይዘጋል፤ ብዙ ጥሩ ዕቅድ የሞተው በእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው።

ጣቢያው ብቻውን የማይፈታውም አለ። ወደ ሁመራ ወይም መተማ ለሰሊጥ አጨዳ የሚሄደውን ሰው የትኛውም ሳጥን አይመልሰውም። እሱን የሚረዳው ሳይሄድ በፊት የሚሰጠው የዝውውር ደብዳቤና ከሄደ በኋላ ተቀባዩ ተቋም ጋር ደውሎ «ደርሷል ወይ?» ማለት ነው። ደብዳቤ ሰጥቶ ዝም ማለት ሰውየውን ከሁለቱም መዝገብ ማውጣት ይሆናል። ጸበል የሚሄዱትን ደግሞ መከልከል ከእምነታቸው ማጋጨት ነው፤ መድኃኒቱን ይዘው እንዲሄዱና በቦታው እንዲውጡት አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል። የሚጾም ታካሚም ክኒኑን በየትኛው ሰዓት እንደሚወስድ ከመጀመሪያው ቀን መጠየቅ አለበት።

ይህን የምታነቡ ታካሚ ወይም አስታማሚ ከሆናችሁ፣ ከቲቢ ክፍል ከመውጣታችሁ በፊት ክኒኖቹን ቁጠሩና የሚያልቁበትን ቀን ከቀጠሮው ቀን ጋር አስተያዩ። መድኃኒቱ ከቀጠሮው ቀድሞ የሚያልቅ ከሆነ እዚያው ንገሯቸው፤ ቀኑን ማስቀየር ወይም ክኒን ማስጨመር መብታችሁ ነው።