ደካማው ተደራዳሪ ጉልበት የሚያገኘው ከጠረጴዛው ውጪ ነው
የይርጋጨፌ፣ የሲዳሞና የሐረር ስሞች ድርድር ለነጋዴው ምን ያስተምራል?

አንዱ ወገን ከ12 ሺሕ በላይ የቡና መሸጫ ሱቆችና 7.8 ቢሊዮን ዶላር ዓመታዊ ገቢ ነበረው። በሌላው ወገን የቆመችው አገር የውጭ ምንዛሪዋን በአብዛኛው ከአንድ ምርት ስታገኝ የቆየች ስትሆን፣ ያ ምርት ደግሞ ቡና ነው። በ2006 ስታርባክስና የኢትዮጵያ መንግሥት ሲፋጠጡ የኃይል ሚዛኑ ወዴት እንደሚያደላ ለመናገር የገበያ አዋቂ መሆን አያስፈልግም ነበር። ይሁን እንጂ በሰኔ 2007 ስምምነቱ ሲፈረም ኢትዮጵያ በዋናነት የጠየቀችውን አግኝታለች። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደካማው ወገን ይህን ያህል ርቀት የተጓዘው በጠረጴዛ ዙሪያ በተደረገ የአንደበት ብልጫ አይደለም። ሥራው በአብዛኛው ያለቀው ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ከመቀመጣቸው በፊት ነበር። ደላላውም፣ አቅራቢውም፣ ላኪውም ከዚህ ጉዳይ የሚወስዱት ትምህርት እዚህ ላይ ነው።

የክርክሩ መነሻ

በወቅቱ በወጡ ዘገባዎች መሠረት ስታርባክስ ያልታጠበ የሲዳሞ ቡና ቆልቶ አንዱን ፓውንድ እስከ 26 ዶላር ሸጧል። የገበሬው ድርሻ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ እንደነበር ተዘግቧል። ልዩነቱ ሁሉ ትርፍ ነው ማለት አይቻልም። ቡና ሲቆላ ክብደቱ ይቀንሳል፤ የመርከብ፣ የማሸጊያ፣ የሱቅ ኪራይና የሠራተኛ ወጪም አለ። ነገር ግን አሜሪካዊው ጠጪ ያን ያህል የከፈለው በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ስም አይቶ ነው። ስሙ ዋጋ ካለው ደግሞ የስሙ ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ ይከተላል።

የኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በዋና ዳይሬክተሩ በአቶ ጌታቸው መንግሥቴ መሪነት ጉዳዩን የያዘው ከዚህ አንፃር ነው። ለጥሬ ቡና ጭማሪ እንዲከፈል ከገዢው ጋር መከራከር ትርፍ የለውም። ገዢው «ዋጋውን የሚወስነው የኒውዮርክ ገበያ ነው» ብሎ ይመልሳል፤ ከብራዚል ወይም ከኮሎምቢያም ሊገዛ ይችላል። ይርጋጨፌ የሚለውን ስም ግን ከብራዚል ሊገዛ አይችልም። ስለዚህ ድርድሩ ተፎካካሪ ከሞላበት ከጥሬው ቡና ተነሥቶ ተፎካካሪ ወደሌለው ወደ ስሙ ተዛወረ። የመጀመሪያው የጉልበት ምንጭ ይህ ነው። ደካማው ወገን ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ሌላው ከሌላ ሰው ሊያገኘው የማይችለው፣ በእኔ እጅ ያለ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ነው።

ወረቀት ከንግግር በፊት

በመጋቢት 2005 ኢትዮጵያ ሦስቱን ስሞች በአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ጽሕፈት ቤት ለማስመዝገብ አመለከተች። እንቅፋቱ ወዲያው መጣ። ስታርባክስ ሲዳሞ የሚለው ቃል ያለበትን የቡና መጠሪያ ለማስመዝገብ በ2004 ቀድሞ አመልክቶ ነበርና የኢትዮጵያ ማመልከቻ ከኋላ ሆኖ እንዲጠብቅ ተገደደ። ኩባንያው ማመልከቻውን የተወው በ2006 አጋማሽ ላይ ነው። በዚሁ ዓመት ነሐሴ ይርጋጨፌ ተመዘገበ። ሐረርና ሲዳሞ ግን «ስሞቹ በንግዱ ዓለም የቡና ዓይነት አጠቃላይ መጠሪያ ሆነዋል» በሚል በመጀመሪያው ዙር ውድቅ ሆኑ። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበርም ምዝገባውን ተቃውሟል።

እዚህ ላይ ለነጋዴው የሚጠቅም ነጥብ አለ። ደካማ ተደራዳሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በቅድሚያ ተነጋግሮ ወረቀቱን በኋላ ለማስተካከል ሲያስብ ነው። ኢትዮጵያ ይርጋጨፌን ካስመዘገበች በኋላ ስታርባክስን ስታነጋግር ለማኝ አልነበረችም፤ ቢያንስ በአንዱ ስም የሕግ ባለመብት ነበረች። ወጪውም ቢሆን ብቻዋን አልተሸከመችውም። አርኖልድ ኤንድ ፖርተር የተባለው ትልቅ የአሜሪካ የሕግ ድርጅት ያለክፍያ ጥብቅና ቆመ። ላይት ይርስ አይፒ የተባለው የዋሽንግተን ድርጅት ደግሞ ስልቱን በመንደፍ አገዘ። የራስ ጡንቻ ባይኖር የባለሙያ ጡንቻ መበደር ይቻላል።

«ሌላ መንገድ ይሻላችኋል»

ስታርባክስ በግልጽ «አይሆንም» አላለም። ያቀረበው ሐሳብ ለጆሮ የሚጥም ነበር። ኢትዮጵያ የንግድ ምልክቱን ትታ የትውልድ ቦታ ማረጋገጫ ምልክት ብታወጣ ይሻላል፣ እኛም እንረዳለን አለ። ብዙ ተደራዳሪ የሚሸነፈው እንዲህ ያለውን የለሰለሰ አማራጭ ሳይመረምር ሲቀበል ነው።

በአሜሪካ ሕግ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። የንግድ ምልክት ባለቤት ስሙን ማን እንደሚጠቀምበት ይመርጣል፤ ፈቃድ ይሰጣል፣ ይከለክላል። የማረጋገጫ ምልክት ባለቤት ግን መስፈርቱን ያሟላውን ሁሉ ማስተናገድ አለበት፤ ምልክቱን በሚይዘው ዕቃ ራሱ ሊነግድበት አይችልም፤ ዕቃው ከተባለው ቦታ መምጣቱን የመቆጣጠር ኃላፊነትም በእርሱ ላይ ይወድቃል። የኢትዮጵያ ቡና ወደ አራት ሚሊዮን በሚጠጉ ትንንሽ ማሳዎች ላይ የሚበቅል ነውና እያንዳንዱን መቆጣጠር የማይቻልና ውድ ነው ሲሉ የኢትዮጵያ ባለሙያዎች ተከራከሩ። ባጭሩ የቀረበው አማራጭ ወጪውን ለደካማው ሰጥቶ የመምረጥ ሥልጣኑን የሚያስቀር ነበር። ስለዚህ አልተቀበሉትም።

በሌላ በኩል የራሳቸውን ጥያቄ ቀላል አደረጉት። ፈቃዱን የሚፈርም ኩባንያ የሮያሊቲ ክፍያ አይጠየቅም፤ የስሙ ባለቤት ኢትዮጵያ መሆኗን ይቀበላል፣ ስሙን በከረጢቱ ላይ በአግባቡ ይጠቀማል፣ ያስተዋውቀዋል። ይህ ብልህነት ነው። ከገዢው ካዝና ዛሬ አንድ ሳንቲም አይወጣም፤ «አልፈርምም» ለማለት ግን ምክንያት ያጣል። ባለቤትነቱ አንዴ ከታወቀ የነገው ድርድር የሚጀመረው ከሌላ ከፍታ ላይ ነው። ከጊዜ በኋላ በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በጃፓን በርካታ አስመጪዎችና ቡና ቆልተው የሚሸጡ ኩባንያዎች ይህን ፈቃድ ፈርመዋል።

እምቢታ ዋጋ ሲያስከፍል

ሕጉና ወረቀቱ ብቻውን በቂ አልነበረም። ትልቁ ኩባንያ ጊዜ ነበረው፤ ዝም ብሎ ቢቆይ የሚጎዳው ሌላው ነው። በጥቅምት 2006 ኦክስፋም የተባለው የእርዳታ ድርጅት ዘመቻ ጀመረ። ከ90 ሺሕ በላይ ሰዎች ለኩባንያው በደብዳቤ፣ በስልክና በሌላም መንገድ ተቃውሟቸውን ገለጹ። ድርጅቱ አገሪቱ በስሞቿ ባለመጠቀሟ በዓመት ወደ 88 ሚሊዮን ዶላር ታጣለች የሚል ግምት አሰራጨ። ግምቱ የድርጅቱ የራሱ ነው። ስታርባክስ የተነካው ግን በሚሳሳለት ቦታ ነበር። ራሱን ለገበሬው የሚያስብ ኩባንያ አድርጎ የሚያስተዋውቅ ድርጅት ከደሃ ገበሬ ጋር በስም ሲሟገት መታየት አይፈልግም።

በኅዳር 2006 የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጂም ዶናልድ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ከጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጋር ተነጋገሩ። በየካቲት 2007 ኩባንያው የኢትዮጵያን ምዝገባ እንደማይቃወም አስታወቀ፤ በሰኔ የፈቃድ፣ የሥርጭትና የማስተዋወቅ ስምምነቱ ተፈረመ። ሲዳሞም በ2008 ተመዘገበ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ለአነስተኛ ነጋዴ ሲመነዘር

«እኔ መንግሥት አይደለሁ፤ ማን ዘመቻ ይወጣልኛል?» የሚል አቅራቢ ይኖራል። መሠረቱ ግን በኩንታል ደረጃም ይሠራል። የድርድር ሊቃውንቱ ሮጀር ፊሸርና ዊሊያም ዩሪ በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ የተደራዳሪ ጉልበት የሚለካው ስምምነቱ ቢፈርስ ባለው የተሻለ መውጫ ነው።

አንድ አቅራቢ 100 ኩንታል ነጭ ቦሎቄ በሙሉ ለአንድ ላኪ ያስረክባል እንበል። ላኪው «ዘንድሮ ከኩንታል 500 ብር ቀንስ» ቢለው መውጫ የለውምና 50,000 ብር ያጣል። ይኸው አቅራቢ ቀደም ብሎ 20 ኩንታሉን በኩንታል 300 ብር አሳንሶም ቢሆን ለሁለተኛ ገዢ መስጠት ጀምሮ ቢሆን ኖሮ በዓመት የሚጎድልበት 6,000 ብር ነው። በዚህ ገንዘብ የገዛው ግን ሁለተኛ በር ነው። ዋናው ገዢ ከ300 ብር በላይ ቀንስ ሲለው «ሌላ ቦታ ይሻለኛል» ማለት ይችላል። ይህ የሚሠራው ግን ሁለተኛው ገዢ ተጨማሪ ጭነት ለመቀበል አቅም ሲኖረው ነው። ያን ሳያረጋግጥ የሚፎክር ሰው አንድ ጊዜ ከተፈተነ ቃሉ ይረክሳል።

የተገኘው ጉልበትም ካልተጠበቀ ይሟሽሻል። የተመዘገበ ስም በራሱ የገበሬውን ዋጋ አይወስንም። ቡና በ2008 መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲገባ ምርቱ በአካባቢና በደረጃ እየተመደበ በመጋዘን ይቀላቀል ስለነበር፣ ቡናው ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደመጣ ማወቅ የሚሹ የልዩ ቡና ገዢዎች ቅሬታ አሰምተዋል። አሠራሩ ምንጩን ለመከታተል በሚያስችል መንገድ የተሻሻለው በ2017 ነው። ስሙ ባለቤት አግኝቶ ሳለ ከስሙ ጀርባ ያለው ዕቃ ማንነቱ ሲደበዝዝ ገዢው ተጨማሪ የሚከፍልበት ምክንያት ይሳሳል።

ድርድር ገብቶ ዋጋ ከመጥራት በፊት የሚሠራው የቤት ሥራ እንግዲህ ይህ ነው፤ በእጅ ያለውንና ሌላው የሌለውን ለይቶ በወረቀት ማስጠበቅ፣ ሁለተኛውን በር መክፈት፣ የተቃራኒው ወገን እምቢታ ምን እንደሚያስከፍለው ማስላት። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለው ተረት የተነገረው ለወጥ ቤት ቢሆንም ለገበያም ይሆናል።