የደንበኞች መረጃ ሲሰረቅ የሚጻፍ ደብዳቤ

መረጃ የተሰረቀበት ነጋዴ ጉዳዩን ለደንበኞቹ እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ ሕግ በአሜሪካ መጀመሪያ ያወጣችው የካሊፎርኒያ ግዛት ናት። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2002 ጸድቆ ከጁላይ 1 ቀን 2003 ጀምሮ ይሠራበታል። ዛሬ ሃምሳዎቹም ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። ካሊፎርኒያ ከ2016 ጀምሮ የደብዳቤውን ቅርጽ ጭምር ወስናለች። ደብዳቤው ለአምስት ጥያቄዎች በተለያየ ንዑስ ርዕስ መልስ መስጠት አለበት፦ ምን ተፈጠረ? የትኛው መረጃ ተነካ? ድርጅቱ ምን እያደረገ ነው? ደንበኛው ምን ማድረግ ይችላል? ተጨማሪ ማብራሪያ ከየት ይገኛል?

የእነዚህ ጥያቄዎች ጥቅም በምሳሌ ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በኢንተርኔት ቡናና ቅመም የሚሸጥ አንድ አነስተኛ ሱቅ አለ እንበል። አንድ ቀን ክፍያዎቹን የሚያስተላልፍለት ድርጅት ለባለቤቱ ይደውልና በሱቁ የተገለገሉ በርካታ ካርዶች በሌቦች እጅ መግባታቸውን ይነግረዋል። ባለሙያ ሲመረምር በመክፈያው ገጽ ላይ ማንም ያላዘዘው አጭር ኮድ ተጨምሮ ያገኛል። ሰርጎ ገቡ የገባው ለረጅም ጊዜ ሳይታደስ በቆየ የድረ ገጹ ተጨማሪ ፕሮግራም በኩል ነው። ኮዱ ገዢው የሚጽፈውን ስም፣ የካርድ ቁጥርና ከካርዱ ጀርባ ያሉትን ሦስት አኃዞች እየገለበጠ ወደ ሌላ ሰርቨር ይልካል። ትእዛዙ እንደወትሮው ስለሚፈጸምና ዕቃውም ስለሚደርስ ገዢውም ሻጩም አይጠረጥሩም።

ባለቤቱ ምን እንደተፈጠረ ሲጽፍ ከሁሉ በፊት ቀኖቹን መግለጽ አለበት፦ ኮዱ መቼ ተጨመረ፣ መቼ ተገኘ፣ መቼስ ተወገደ? «ከማርች 3 እስከ ኤፕሪል 18» ተብሎ ከተጻፈ ደንበኛው በዚያ ጊዜ ገዝቶ እንደሆነ ከደረሰኙ ያረጋግጣል። «በቅርቡ» ብቻ ከተባለ ግን የሚያመሳክርበት ነገር የለውም። «መረጃው ለማጭበርበር ስለመዋሉ ማስረጃ አላገኘንም» የሚለው የተለመደ ዐረፍተ ነገርም ብቻውን አያስተማምን። ድርጅቱ መርምሮ ላያገኝ ይችላል፤ የሚመረመር የሰርቨር መዝገብ ስላልያዘም ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ ምን እንደተመረመረ አብሮ መጻፍ አለበት።

የተነካው መረጃ በዓይነት በዓይነቱ መዘርዘር ይኖርበታል። የካርድ ኢንዱስትሪው ደንብ ክፍያው ከጸደቀ በኋላ ሦስቱን አኃዞች ማስቀመጥን ይከለክላል። እነሱ መሰረቃቸው መረጃው የተወሰደው በሚጻፍበት ቅጽበት መሆኑን ያመለክታል። በዚህ ምሳሌ በተባሉት ቀናት ያልገዛ ሰው ካርዱ አልተነካም። ወደ ሌላ ድርጅት ገጽ ተሻግሮ የከፈለም እንዲሁ የካርድ ቁጥሩን በሱቁ ገጽ ላይ አልጻፈም። ኮዱ በመግቢያው ገጽም ላይ ከነበረ ግን የይለፍ ቃልም ተወስዷል ማለት ነው።

ደንበኛው የሚወስደው እርምጃ በተሰረቀው መረጃ ይወሰናል። የካርድ ቁጥር ከሆነ ባንኩን ካርዱን አዘግቶ አዲስ ቁጥር እንዲሰጠው ይጠይቃል፤ የሒሳብ መግለጫውንም ይመረምራል። በአሜሪካ ያልታዘዘ ወጪ ከዴቢት ካርድ ሒሳብ ከወጣ መግለጫው ከተላከበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀናት ውስጥ ለባንኩ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚወሰደው ገንዘብ በደንበኛው ላይ ሊቀር ይችላል። የይለፍ ቃል ከሆነ ያው ቃል በሚሠራበት ቦታ ሁሉ፣ ከኢሜይል ጀምሮ፣ መቀየር አለበት።

የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ከተሰረቀ አደጋው ሌላ ነው፤ ሌባው በሰውየው ስም ብድር ሊያወጣ ይችላል። መፍትሔው ኤክዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን የተባሉት ሦስቱ የብድር መረጃ ድርጅቶች የሰውየውን መዝገብ እንዲዘጉ መጠየቅ ነው። አገልግሎቱ ከሴፕቴምበር 2018 ጀምሮ በነጻ የሚሰጥ ሲሆን ጥያቄው ለሦስቱም በየግል መቅረብ አለበት። ይህ እርምጃ ግን በተሰረቀ ካርድ የሚደረግ ግዢን አይከለክልም።

አጭበርባሪዎችም የዚህ ዓይነት ደብዳቤ አስመስለው ይልካሉ። እውነተኛው ማስታወቂያ የካርድ ቁጥር ወይም የይለፍ ቃል እንዲላክለት አይጠይቅም። የተጠራጠረ ሰው በደብዳቤው ላይ ያለውን ማስፈንጠሪያ ትቶ በቀድሞ ደረሰኙ ላይ ባለው ስልክ ሱቁን መጠየቅ ይችላል።

በኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የአዋጁ ተቆጣጣሪም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የደንበኞቹን ስልክና አድራሻ በኮምፒውተር የሚይዝ ነጋዴ ሁሉ ማን መቼ ምን እንደገዛ የሚያሳይ መዝገብ ከወዲሁ ይያዝ፤ መዝገብ ከሌለ ደብዳቤው የሚጠይቃቸውን ቀኖችና የተነኩ ሰዎች በኋላ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም።