የመዝገብ ቤት ሥራ በቁጥር ሲነገር

«ገቢና ወጪ ደብዳቤዎችን የመመዝገብና የማሰራጨት ሥራ በአግባቡ ሠርቻለሁ።» በመዝገብ ቤት ያገለገለ ሰው የሥራ ልምዱን ሲጽፍ ብዙ ጊዜ ይህችን አንድ መስመር አስፍሮ ያልፋል። መስመሯ ሐሰት የለባትም፤ ነገር ግን ሥራውን ለዓመታት ጠንቅቆ የሠራውንም ሆነ ወንበሩን ብቻ ሲያሞቅ የኖረውን እኩል ትገልጻለች። ለምን ቁጥር አልጻፍክም ቢባል መልሱ የታወቀ ነው፤ እኔ ሻጭ አይደለሁም፣ ምን የሚቆጠር ነገር አለኝ?

በእኔ እምነት ከመዝገብ ቤት ሠራተኛ የበለጠ የሚቆጠር ነገር በእጁ ያለው ሠራተኛ ጥቂት ነው። እያንዳንዱ ገቢ ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት ይመዘገባል። ወደ ሥራ ክፍሉ ሲሄድም ተረካቢው በቀኑ ይፈርምበታል። በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው ጊዜ የሠራተኛውን ሥራ የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ ደምሮ የሚያወጣው ሰው ግን የለም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በወር 600 ያህል ገቢ ደብዳቤ የሚቀበል መሥሪያ ቤት አለ እንበል። ደብዳቤው ሁሉ መጀመሪያ ወደ ኃላፊው ይገባል፤ እሳቸው ለሚመለከተው ክፍል ሲመሩት ይወጣል። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ከዋሉ ደብዳቤውም አብሮ ይውላል። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አንድ ሐሳብ ታቀርባለች፤ እንደ ዓመት ፈቃድና የዕቃ ጥያቄ ያሉ፣ ባለቤታቸው አስቀድሞ የታወቀ ደብዳቤዎች በቀጥታ ወደ ክፍላቸው ይሂዱ። ኃላፊው ይስማማሉ፤ አሠራሩም በታኅሣሥ ይጀመራል።

ለውጡን ለማሳየት 600ውንም መቁጠር አያስፈልግም። ከለውጡ በፊት ከነበረው ጥቅምትና ከለውጡ በኋላ ካለው መጋቢት፣ ከገቢ መዝገቡ በየ30ኛው ያለውን ደብዳቤ ብትወስድ ከየወሩ 20 ታገኛለች። «በየ30ኛው» ማለቱ ዋጋ አለው፤ ደብዳቤዎቹን በዓይኗ ብትመርጥ ሳታውቀው ቶሎ ያለቁትን ትወስዳለች። ከዚያ ለእያንዳንዱ ከተመዘገበበት እስከ ተፈረመበት ያለውን የሥራ ቀን ትጽፋለች።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። የጥቅምቶቹ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ቀን ወስደዋል፤ አማካያቸው 3 ሆነ እንበል። የመጋቢቶቹ ደግሞ 19ኙ አንድ አንድ ቀን ሲወስዱ አንዱ ብቻ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ 41 ቀን ተቀመጠ። ተደምሮ 60 ቀን ነው፤ ለ20 ሲካፈል እንደገና 3! በአማካይ ብቻ ከሄደች ምንም አልተለወጠም ማለት ነው፤ የሆነው ግን እንደዚያ አይደለም። ስለዚህ ቀኖቹን ከትንሹ እስከ ትልቁ ደርድራ መሐል ላይ የሚውለውን ማየት አለባት። ያ ቁጥር ከ3 ወደ 1 ወርዷል። የ41 ቀኑንም ደብዳቤ መደበቅ የለባትም፤ አዲሱ አሠራር ባለቤታቸው ያልታወቀ ደብዳቤዎችን ችግር እንዳልፈታ የሚናገረው እሱ ነው።

ፍጥነት ብቻውን ሊያታልል ይችላል። ደብዳቤን ወደ ተሳሳተ ክፍል መወርወርም ቶሎ ማሰራጨት ነውና። ስለዚህ «አይመለከተንም» ተብለው የተመለሱትን አብራ ትቆጥራለች። በጥቅምት 9፣ በመጋቢት 11 ከሆኑ፣ ከ600 ውስጥ ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ ፍጥነቱ የመጣው ጥራትን ሠውቶ አይደለም ማለት ትችላለች።

አሁን መስመሯ እንዲህ ትሆናለች፦ «በወር 600 ያህል ገቢ ደብዳቤ በሚቀበል መዝገብ ቤት፣ የተለመዱ ደብዳቤዎች በቀጥታ ወደ ክፍላቸው እንዲሄዱ ሐሳብ አቅርቤ በማስፈቀድ፣ ደብዳቤ የሚደርስበትን የተለመደ ጊዜ ከ3 የሥራ ቀን ወደ 1 አውርጃለሁ፤ የተመላሽ ብዛትም ይህ ነው የሚባል ጭማሪ አላሳየም።» የፈቀዱት ኃላፊ ስለሆኑ «በማስፈቀድ» የሚለው ቃል ከመስመሯ መውጣት የለበትም። ፐርሰንትም ባትጽፍ እመርጣለሁ። «67 ፐርሰንት አሻሻልኩ» ያለ ሰው ከምን ወደ ምን እንደሆነ ይጠየቃል፤ «ከ3 ወደ 1» ግን ለዚያ ጥያቄ አስቀድሞ ይመልሳል።

«በዓመት 7,200 ደብዳቤ መዝግቤያለሁ» ማለትስ? የሥራውን ስፋት ስለሚያሳይ ይጠቅማል። ውጤት ብሎ ማቅረብ ግን ስህተት ነው፤ ደብዳቤውን ያበዙት ላኪዎቹ ናቸው።

ከመዝገቡ የሚወሰደው ቀንና ብዛት ብቻ ነው። የላኪ ስም፣ ጉዳይ፣ የደብዳቤ ፎቶ ከመሥሪያ ቤቱ መውጣት የለበትም። መሥሪያ ቤቱን አስቀድሞ የለቀቀና መዝገቡን ማየት የማይችል ሰው ደግሞ የሚያስታውሰውን በሰፊው ይግለጸው፤ «በወር ከ500 እስከ 700» ቢል፣ ቃለ መጠይቅ ላይ እንዴት እንደገመተ ማስረዳት ይችላል። 623 ብሎ ከጻፈ ግን መዝገቡን አምጣ ሲባል የሚያቀርበው የለውም።