ስክሪን ከተቀየረ በኋላ ፊት የማይለይ አይፎን
ከአይፎን ኤክስ እስከ አይፎን 12 ባሉት ፊት የሚለዩ ስልኮች ስክሪን ሲቀየር፣ የሴልፊ ካሜራው እየሠራ በፊት መክፈቱ ብቻ ሊጠፋ ይችላል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከስክሪኑ ጀርባ የተለጠፈው የጆሮ ስፒከር ቀጭን ሪባን ነው። ፊትን በማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን የምታበራው ትንሽ መብራት እዚሁ ሪባን ላይ ስትሆን፣ ከስልኩ ቦርድ ጋር በፋብሪካ ተጣምራለች። የሌላ ስልክ ሪባን ቢገጠም ድምፅ ይሰማል፤ ስልኩ ግን «Face ID Is Not Available» ይላል። ጠንቃቃ ባለሙያ ዋናውን ሪባን በሙቀት አላልቶ ወደ አዲሱ ስክሪን ያዛውራል። ከተቀደደ መብራቷን ነቅሎ አዲስ ሪባን ላይ መበየድ ይቻላል፤ ይህ ግን የማይክሮስኮፕ ሥራ ነው። ስለዚህ የተሰበረውን ስክሪን ሱቅ ጥሎ መሄድ አይገባም። በመውደቅ የመጣው ብልሽት ይለያል፤ ካሜራውና ነጥብ የሚረጨው ክፍል አቀማመጣቸው ከተዛባ ስክሪን መቀየር አይፈታውም።