በእድር ግሩፕ፦ በፊደል ወይስ በላቲን?

በአንድ የእድር የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ «የእኔ ስልክ አማርኛ አያሳይም፤ እባካችሁ በላቲን ጻፉልኝ» የሚል መልእክት ሲመጣ፣ ብዙ ጊዜ ግሩፑ በሙሉ ወደ ላቲን ይዞራል። ለወንድም ማሰብ ነውና ማንም አይቃወምም። ይሁን እንጂ በዚያው ግሩፕ ውስጥ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብ የተማሩ እናቶች ይኖራሉ። የሚያነቡት ፊደል ብቻ ነው። ማስታወቂያው በላቲን ሲወጣ «አላነበብኩትም» ብለው አይጽፉም፤ ስልኩን አስቀምጠው ልጅ ወይም ጎረቤት እስኪመጣ ይጠብቃሉ። አቤቱታ ያቀረበው ተሰምቷል፤ እነሱ ግን ከወሬው እንደቀሩ እንኳ የሚያውቅ የለም። እኔ እንደማምነው ግሩፑ ፊደሉን ከመተዉ በፊት፣ «አያሳይም» ያለው ሰው ስክሪን ላይ በትክክል ምን እንደሚታይ መጠየቅ አለበት።

ብዙ ጊዜ መልሱ ያስገርማል። ሰውየው ማንበብ ይችላል፤ ያቃተው መጻፍ ነው። ስልኩ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ስላልተጫነ በላቲን ይመልሳል፤ ሌሎችም በላቲን ሲመልሱለት ይለመዳል። ይህ በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ነው። አንድሮይድ ስልክ ከሆነ Gboard የተባለውን ኪቦርድ ከፍቶ፣ ከቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ Amharic የሚለውን መጨመር ይበቃዋል። ኪቦርዱን ባይፈልገውም ችግር የለም፤ እሱ በላቲን እየጻፈ ሌሎቹ በፊደል ሊጽፉለት ይችላሉ።

በእርግጥ የማያሳይ ስልክም አለ። በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥኖች ተደርድረው ከታዩ የጎደለው ፎንት፣ ማለትም የፊደሎቹ ቅርጽ ነው። የአማርኛ ፊደላት እያንዳንዳቸው የራሳቸው መለያ ቁጥር ካገኙ ቆይተዋል፤ ዓለም አቀፉ ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትሙ አስገብቷቸዋል። ስለዚህ መልእክቱ ስልኩ ድረስ በደህና ደርሷል፤ ስልኩ ቁጥሩን ተቀብሎ የሚስለው ቅርጽ ነው ያጣው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሰውየው ሳጥኖቹን ኮፒ አድርጎ መልሶ ለግሩፑ ይላክ። ሌሎቹ ስልኮች ላይ እንደ ደንቡ በአማርኛ ከተነበበ ችግሩ ፎንት ብቻ ነው። የስልኩ ሲስተም አፕዴት ካለው አድርጎ መሞከር ይገባል። አፕዴት ከሌለው ግን አሮጌ አንድሮይድ ላይ ፎንቱ የሲስተሙ አካል ስለሆነ ባለቤቱ በቀላሉ ሊጨምረው አይችልም።

ከሳጥን ይልቅ የጥያቄ ምልክቶች ከተደረደሩ ነገሩ ሌላ ነው። በመንገድ ላይ ያለ አንድ ሲስተም ፊደሉን ስላላወቀው በጥያቄ ምልክት ተክቶታል፤ ጽሑፉም ጠፍቷል። ኮፒ አድርጎ ቢመልሰውም ለማንም አይነበብም። ይህን ስልክ በመቀየር ማዳን አይቻልም፤ መልእክቱ በሌላ መንገድ እንደገና መላክ አለበት። ሁሉም ሰው ስልክ ላይ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ከታየ ደግሞ ጥፋቱ የተቀባዮቹ አይደለም። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን በድሮ የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፎንት ጽፎ ቀድቶት ይሆናል። እነዚያ ፎንቶች ከዩኒኮድ በፊት የላቲን ፊደላትን ቦታ ተውሰው ይሠሩ ስለነበር፣ ፎንቱ በሌለበት ቦታ ውስጡ ያለው ላቲን ብቻ ይታያል።

ሳጥን ለሚያሳየው ስልክ መፍትሔው ላቲን ብቻ አይደለም። ማስታወቂያው በፊደል ይጻፍ፤ ፊደሉ በሚታይበት ስልክ ስክሪንሾት ተነስቶ ለዚያ ሰው ይላክለት። ሥዕል ፎንት አይፈልግም። ጉድለቱ ግን መታወቅ አለበት፦ ዳታ ይበላል፣ በኋላ በፍለጋ በቀላሉ አይገኝም፣ ከውስጡም የባንክ ሒሳብ ቁጥር በቀላሉ ኮፒ አይደረግም። ስለዚህ የሒሳብ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የብሩን መጠን ከሥዕሉ ሥር በ1፣ 2፣ 3 አኃዝ ለብቻ መጻፍ ይገባል፤ አኃዙ በማንኛውም ስልክ ይታያል።

ላቲን ላይ ይህን ያህል ጥንቃቄ የማበዛው በእድር ጉዳይ አንድ ፊደል ብዙ ነገር ስለሚቀይር ነው። «ጋሼ መጡ» በላቲን Gashe metu፣ «ጋሼ ሞቱ» ደግሞ Gashe motu ይሆናል። በፊደል ሁለቱም ሆሄያት ይለያያሉ፤ በላቲን ግን ልዩነቱ አንዲት አናባቢ ናት፤ ጣት ሲስት ወይም ስልኩ በራሱ «ሲያርም» ትጠፋለች። keber የሚለውም «ቀብር»፣ «ክብር» ወይም «ከበር» ተብሎ ሊነበብ ይችላል፤ አንባቢው ከዓረፍተ ነገሩ መገመት አለበት። ለቀልድና ለሰላምታ ግምቱ አያስቸግርም። የቀብር ሰዓትና ቦታ ሲሆን ግን አንባቢ እንዲገምት መተው አይገባም።

ላቲን ግድ በሆነበት ጊዜ ሁለት ስምምነቶች ብዙ ያቃልላሉ፦ ለ«ቀ» ሁልጊዜ q፣ ለ«ጠ» ትልቁ T። «ቀብር» qeber፣ «መጡ» meTu ይሆናል። ይህ ልማድ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አማርኛን በኮምፒውተር በላቲን ለመጻፍ በተዘጋጀው ሴራ በተባለው ሥርዓትም ነበር። ችግሩ ብዙ ስልኮች የዓረፍተ ነገርን የመጀመሪያ ፊደል በራሳቸው ትልቅ ስለሚያደርጉ፣ እዚያ ቦታ ላይ T «ተ» ይሁን «ጠ» አይታወቅም። ቃሉን ከመጀመሪያው ቦታ ማሸሽ ይሻላል።

ባለ ቁልፍ ስልክ ያላቸው አባላት በአጭር የጽሑፍ መልእክት ነው የሚደርሳቸው፤ እዚህ ደግሞ የቦታ ሒሳብ ይመጣል። አንድ መልእክት በላቲን ብቻ ከተጻፈ 160 ምልክት ይይዛል፤ አንድ የአማርኛ ሆሄ ከገባበት ግን ወደ 70 ይወርዳል። ይህን ማስታወቂያ እንቁጠር፦ «ነገ ቅዳሜ ከቀኑ 6 ሰዓት በቅዱስ ሚካኤል ቀብር አለ። ሁላችሁም እንድትገኙ።» ክፍት ቦታውንና ነጥቦቹን ጨምሮ 48 ነው፤ በአንድ መልእክት ያልቃል። በላቲን ሲጻፍ፦

```
Nege qidame keqenu 6 seat beqidus Mikael qeber ale. Hulachihum enditigegnu.
```

75 ምልክት ይሆናል፤ ይህም ለብቻው ከሄደ በ160ው ውስጥ በቀላሉ ይገባል። ሁለቱ በአንድ መልእክት ከተጣመሩ ግን 70ውን አልፈው ለሁለት ይከፈላሉ፤ ለእያንዳንዱ አባልም የሁለት መልእክት ሒሳብ ይቆጠራል። ስለዚህ በቴሌግራም ፊደሉን ከላይ፣ ላቲኑን ከሥሩ አድርጎ አንድ ላይ መለጠፍ ምንም አይጎዳም። በአጭር መልእክት ግን ጸሐፊው ስልካቸው ፊደል የሚያሳየውንና የማያሳየውን በሁለት ዝርዝር ይዞ ለእያንዳንዱ የሚያነበውን ብቻ ቢልክ ወጪው በግማሽ ይቀንሳል። ዝርዝሩን ሲያዘጋጅ ለሁሉም «ሰላም» የሚል አንድ ቃል በፊደል ልኮ፣ ምን እንደታያቸው በስልክ ቢጠይቃቸው ይበቃል።